አንድ ካርድ አንድ ጥያቄ ብቻ ሲሸከም

አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እናስብ። በባዮሎጂ መጽሐፏ ውስጥ ስለ ልብና ስለ ደም ዝውውር የሚያወሳውን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብባ ጨርሳለች። ወረቀት ቆርጣ በፊቱ ላይ «ደም በልብ ውስጥ እንዴት ይዘዋወራል?» ብላ ጻፈች። ገልብጣ መልሱን ስትጽፍ ዘጠኝ መስመር ሆነ፤ ፊደሉ እየጠበበ ሄዶ የመጨረሻዎቹ ቃላት ጠርዙ ላይ ተጨናነቁ። ከሦስት ቀን በኋላ ካርዱን አንስታ ራሷን ጠየቀች። ከሰውነት የተመለሰው ደም በቀኝ በኩል እንደሚገባ፣ ከዚያ ወደ ሳንባ እንደሚሄድ፣ በግራ በኩል ተመልሶ ወደ መላ ሰውነት እንደሚሠራጭ ተናገረች። በቀኝ በኩል ባሉት ሁለት ክፍሎች መካከል ያለውን ቫልቭ ግን ዘለለችው። ጀርባውን አይታ «ይሁን፣ አብዛኛውን አውቄዋለሁ» አለችና ካርዱን ከታወቁት ጋር ደረደረችው።

ቫልቩ ካርዱ ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን የሚጠይቃት የለም። በሚቀጥለው ሳምንት ካርዱ ተራው ደርሶ ሲመጣ ያንኑ ትናገራለች፣ ያንኑ ትዘላለች፣ ካርዱም እንደገና «የታወቀ» ተብሎ ይመለሳል። ፈተናው ላይ የሚመጣው ቫልቩ ከሆነ፣ ተማሪዋ የጻፈችውንና ደጋግማ የገለበጠችውን ነገር ታጣዋለች።

ጥፋቱ የማስታወስ ችሎታዋ አይደለም። ካርዱ ነው። የጥናት ካርድ ሲገለበጥ ፍርዱ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ አለፈ፣ ወይ ወደቀ። ዘጠኝ ነገር የተሸከመ ካርድ ስምንቱ አልፈው አንዱ ሲወድቅ ፍርድ ያጣል። «አለፈ» ከተባለ የወደቀው በስምንቱ ጥላ ሥር ተሸሽጎ ይቀራል። «ወደቀ» ከተባለ ደግሞ ለአንድ ቫልቭ ሲባል በደንብ የሚታወቁት ስምንቱ በየቀኑ ይደገማሉ፤ ጊዜ ይባክናል፣ ተማሪው ይሰለቻል፣ ካርዶቹም ከአልጋው ሥር ይገባሉ።

ካርድን በሥርዓት የመገልበጥ ዘዴ በስሙ የሚጠራለት ሰው ሰባስቲያን ላይትነር ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ አጠናን ዘዴ በጀርመንኛ ባሳተመው መጽሐፍ በክፍል በክፍል የተከፈለ የካርድ ሳጥን አስተዋወቀ። አዲስ ካርድ በመጀመሪያው ክፍል ይቀመጣል። ሲታወቅ ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ እንደገና ሲታወቅ ወደ ሦስተኛው። ወደ ኋለኞቹ ክፍሎች በገፋ ቁጥር የሚጠየቅበት ቀን እየራቀ ይሄዳል። ከተሳሳቱት ግን የትም ይድረስ የት ወደ መጀመሪያው ክፍል ይመለሳል። ይህ ሥርዓት የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ አንድ ካርድ በአንድ ጊዜ ሁለት ክፍል ውስጥ መቀመጥ አይችልም። ስለዚህ ግማሹ የታወቀ፣ ግማሹ ያልታወቀ ካርድ ለሳጥኑ ቦታ የሌለው እንግዳ ነው።

ይህን ችግር ጠበቅ አድርጎ የያዘው ፖላንዳዊው ፒዮትር ቮዝኒያክ ነው። በ1980ዎቹ የሞለኪውል ባዮሎጂ ተማሪ ሳለ የራሱን ጥናት እየመዘነ፣ አንድ ነገር ሳይረሳ ስንት ቀን ሊቆይ እንደሚችል ያሰላ ጀመር። ከዚያም ሱፐርሜሞ የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1987 ሠራ። ከዓመታት በኋላ ስለ ጥያቄ አጻጻፍ ሃያ ደንቦችን ሲያወጣ ከመካከላቸው አንዱ ጥያቄው በተቻለ መጠን ትንሹን እውቀት ብቻ ይያዝ የሚል ነበር። ምክንያቱም ቀላል ነገር በየጊዜው በአንድ ዓይነት መንገድ ይታወሳል፤ የተወሳሰበ ነገር ግን አንድ ቀን በዚህ በኩል፣ ሌላ ቀን በዚያ በኩል ይታወሳል። የሚዘለለውም በየቀኑ ይለያያል።

ደግሞ ማንበቡ ራሱ አይበቃም ወይ የሚል ሰው አይጠፋም። አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ተማሪዎች አጭር የሳይንስ ጽሑፍ እንዲያጠኑ አደረጉ። አንዳንዱን ጽሑፍ ደግመው አነበቡት፤ ሌላውን ግን ጽሑፉን ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጠ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በማስታወስ የተጠናው 56 በመቶ ሲታወስ፣ ደግሞ በመነበብ የተጠናው ወደ 42 ወርዶ ተገኘ። ማንበብ ዛሬ ማታ ያወቁ ያስመስላል፤ መጠየቅ ለሚመጣው ሳምንት ያስቀምጣል። ካርድ ደግሞ መጠየቂያ ነው። የሚጠይቀው ነገር ካልጠራ ግን ወደ ማንበብ ይመለሳል። ዘጠኙን መስመር ገልብጦ የሚያይ ተማሪ በእጁ የያዘው ካርድ ሳይሆን ትንሽ ገጽ ነው።

እንግዲህ ወደ ልብ እንመለስ። መጻሕፍቱ በዚህ ክፍል የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው። ልብ አራት ክፍሎች አሏት፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። ኦክስጅኑን ለሰውነት ሰጥቶ የተመለሰው ደም ቬና ካቫ በተባሉት ትልልቅ ደም መልሶች በኩል ወደ ቀኙ የላይኛ ክፍል ይገባል፣ ወደ ቀኙ የታችኛ ክፍል ይወርዳል፣ ከዚያ በፐልሞናሪ ደም ቅዳ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ኦክስጅን ይዞ ወደ ግራው የላይኛ ክፍል ይመለሳል፣ ወደ ግራው የታችኛ ክፍል ይወርዳል፣ ከዚያ በአኦርታ ወደ መላ ሰውነት ይወጣል። በላይኛና በታችኛ ክፍሎች መካከል ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉ ቫልቮች አሉ፤ የቀኙ ትራይከስፒድ፣ የግራው ባይከስፒድ ይባላል። የግራው የታችኛ ክፍል ግድግዳ ከቀኙ ይወፍራል።

ይህን አንቀጽ በካርድ መበተን ዶሮ ከመገነጣጠል ጋር ይመሳሰላል። ሙያ ያላት ሴት ዶሮውን አሥራ ሁለት ብልት ስታወጣ ቢላዋዋ አጥንት አይሰብርም፤ መገጣጠሚያውን ፈልጎ ይገባል። የመጽሐፍ አንቀጽም መገጣጠሚያ አለው። ነጥብ ያለበት ሁሉ መገጣጠሚያ አይደለም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ነገር ሊይዝ ይችላል፣ ሦስት ዓረፍተ ነገርም አንድ ነገር ብቻ ሊናገር ይችላል። መገጣጠሚያውን የሚያሳየው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ከዚህ ውስጥ አንዱን አውቄ ሌላውን ልስት እችላለሁ ወይ?» መልሱ «አዎ» ከሆነ ሁለቱ ነገሮች በአንድ ካርድ አይቀመጡም። ደሙ ከቀኙ የታችኛ ክፍል ወደ ሳንባ እንደሚሄድ እያወቁ የሚወስደውን ደም ቅዳ ስም መርሳት ይቻላል። ስለዚህ እነዚህ ሁለት ካርዶች ናቸው።

የደሙ ጉዞ ተራ ያለው ነገር ስለሆነ እንደ ሰንሰለት በቀለበት በቀለበት ይከፈላል። እያንዳንዱ ካርድ አንድ ቀለበት ይይዛል፦

ፊት፦ ከመላ ሰውነት የተመለሰ ደም መጀመሪያ የሚገባው ወደ የትኛው የልብ ክፍል ነው?
ጀርባ፦ ወደ ቀኙ የላይኛ ክፍል።

ፊት፦ ደም ከቀኙ የታችኛ ክፍል ሲወጣ በየትኛው የደም ሥር ይሄዳል?
ጀርባ፦ በፐልሞናሪ ደም ቅዳ።

ፊት፦ ከሳንባ የተመለሰ ደም የሚገባው ወደ የትኛው የልብ ክፍል ነው?
ጀርባ፦ ወደ ግራው የላይኛ ክፍል።

በዚህ አኳኋን ጉዞው ሰባት ካርድ ይሆናል፤ ሁለቱ ከላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው የሚወርድበትን፣ አንዱ የፐልሞናሪ ደም ቅዳ መድረሻን፣ አንዱ ደግሞ አኦርታን ይይዛሉ። ተማሪዋ የዘለለችው ቫልቭም የራሱ ካርድ ያገኛል፦ «በቀኙ የላይኛና የታችኛ ክፍሎች መካከል ያለው ቫልቭ ስሙ ማን ነው?» አሁን ብትስተው የሚሸፍነው የለም። ካርዱ ብቻውን ወድቆ ወደ መጀመሪያው ክፍል ይመለሳል፤ ሌሎቹ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። አንድ ሐሳብ ማለት አንድ ቃል ማለት አይደለም። «ደም አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ስንት ጊዜ በልብ ያልፋል?» የሚለው ካርድ መልሱ «ሁለት ጊዜ» ነው። ይህን ለመመለስ ተማሪው መላውን ጉዞ በዓይነ ኅሊናው ማየት አለበት። የሚፈተነው ግን አንድ ነገር ነው፤ ስሕተቱም አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ካርድ ቀለበቶቹን የሚያያይዝ ክር ስለሆነ ከእያንዳንዱ የምዕራፍ ክፍል ቢያንስ አንድ ቢወጣ ይበጃል።

«ለምን?» የሚሉ ጥያቄዎች ከሁሉ ይበልጥ የሚደክሙባቸው ናቸው፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅሙትም እነርሱ። የግራው የታችኛ ክፍል ግድግዳ ለምን ይወፍራል? አብዛኛው ተማሪ መጽሐፉን ካነበበ በኋላ «ደምን ወደ መላ ሰውነት ስለሚገፋ» ይላል። ይህ ልክ ነው፤ ግን ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ መልስ ነው። ቀጥሎ «ታዲያ የበለጠ ደም ስለሚገፋ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙው «አዎ» ይላል፤ እዚህ ላይ ይስታል። የግራውና የቀኙ ክፍል በእያንዳንዱ ምት የሚገፉት የደም መጠን ያው እኩል ነው። እኩል ባይሆን ኖሮ ደሙ ወይ ሳንባ ውስጥ፣ ወይ በቀረው ሰውነት ውስጥ ይጠራቀም ነበር። ልዩነቱ በግፊቱ ላይ ነው። ዕረፍት ላይ ባለ ጤነኛ ጎልማሳ የግራው የታችኛ ክፍል ሲኮማተር ግፊቱ ወደ 120 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል፤ የቀኙ ግን ወደ 25 ገደማ ነው። ሳንባ ቅርብ ነው፣ መንገዱም ለስላሳ ነው፤ እግር ጣትና ራስ ቅል ግን ብዙ ግፊት ይጠይቃሉ።

አንድ ካርድ ላይ «የግራው ግድግዳ ለምን ይወፍራል? ምን ያህልስ ደም ይገፋል?» ብሎ የጻፈ ተማሪ ይህን የተሳሳተ እምነት ሳያገኘው ያልፋል። ሁለት ካርድ ያደረገው ግን ይጋፈጠዋል። የመጀመሪያው፦ «የግራው የታችኛ ክፍል ግድግዳ ከቀኙ የወፈረው ምንን ለመፍጠር ነው?» መልሱ «ከፍ ያለ ግፊት»። ሁለተኛው፦ «በአንድ ምት የግራው የታችኛ ክፍል የሚገፋው ደም ከቀኙ ሲነጻጸር እንዴት ነው?» መልሱ «እኩል ነው»። አንድን ሐሳብ ለብቻው ለመጠየቅ ሲሞክሩ ያልገባዎት ነገር ፊት ለፊት ይመጣል። ካርድ መጻፍ ራሱ ጥናት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሌላ ሰው ካርድ ተገልብጦ የማይሰጠው ጥቅምም ይኸው ነው።

ሌላው የስሕተት ጎሬ ደም ቅዳና ደም መልስ ናቸው። ተማሪው ካርድ ይጽፋል፦ «ደም ቅዳ ምን ዓይነት ደም ይይዛል?» ጀርባው፦ «ኦክስጅን የበዛበት»። ካርዱ አጭር ነው፣ አንድ ነገርም የሚጠይቅ ይመስላል። ግን የሚያስተምረው ሐሰት ነው። ፐልሞናሪ ደም ቅዳ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰውን ደም ነው፤ ወደ ሳንባ የሚሄደውም ኦክስጅን ለመጫን ነውና። አንድን የደም ሥር ደም ቅዳ የሚያሰኘው የደሙ ዓይነት ሳይሆን አቅጣጫው ነው፤ ከልብ የሚወጣ ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚመለስ ደም መልስ። ስለዚህ እዚህም ሁለት ካርዶች ይወጣሉ። አንዱ ትርጉሙን ይጠይቃል፦ «አንድ የደም ሥር ደም ቅዳ የሚባለው በምን ምክንያት ነው?» ሁለተኛው ተማሪው የሚሰናከልበትን ቦታ ለይቶ ይጠይቃል፦ «ኦክስጅን ያነሰው ደም የሚይዘው ደም ቅዳ የትኛው ነው?» ከዚህ በኋላ «ደም ቅዳ ሁሉ ኦክስጅን የበዛበት ደም ይይዛል» የሚል የፈተና ምርጫ ሲመጣ ወጥመዱ ከሩቅ ይታያል።

የሚምታቱ ነገሮች ሁሉ እንዲህ ያለ ካርድ ይሻሉ። ትራይከስፒድና ባይከስፒድ ለየብቻ ሲጠየቁ ይታወቃሉ፣ አንድ ላይ ሲመጡ ይምታታሉ። መፍትሔው ሁለቱን በአንድ ካርድ ማጨቅ ሳይሆን መለያቸውን ብቻ መጠየቅ ነው፦ «ሦስት ልሳን ያለው ቫልቭ በልብ በየትኛው በኩል ነው?» በቀኝ በኩል። «ትራይ» ሦስት፣ «ባይ» ሁለት ማለት መሆኑን ያወቀ ሰው ስሙ ራሱ ያስታውሰዋል።

ለኢትዮጵያዊ ተማሪ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ሌላ አገር የተጻፉ የአጠናን መመሪያዎች ይህን አያነሱትም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው መጽሐፉን ገልብጦ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ፣ መልሱንም በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ካርዱ ሳይታወቀው ሁለት ነገር ይፈትናል፤ ባዮሎጂውንና ቋንቋውን። ሲወድቅ የወደቀው የትኛው ነው? የግራው ክፍል ለምን እንደሚወፍር በአማርኛ አሳምሮ የሚያስረዳ ልጅ «ቬንትሪክል» የሚለው ቃል ስለጠፋበት ብቻ ካርዱን ይወድቃል፤ ከዚያም የሚያውቀውን ነገር ደጋግሞ ያጠናል። ተቃራኒውም ያጋጥማል። የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር እንደ ዜማ የሸመደደ ልጅ ካርዱን እያለፈ ምን ማለት እንደሆነ ላያውቅ ይችላል።

ስለዚህ ቃሉና ሐሳቡ ይለያዩ። የልብን ሥዕል ሥሎ በቀስት አንዱን የላይኛ ክፍል እያመለከተ «ይህ በእንግሊዝኛ ማን ይባላል?» የሚል ካርድ ቃሉን ብቻ ይጠይቃል፤ መልሱ አትሪየም ነው። «የላይኛው ክፍል ሥራ ምንድን ነው?» የሚለው ደግሞ ሐሳቡን ብቻ በአማርኛ ይጠይቃል። ወይም ተማሪው አፉን በፈታበት ቋንቋ፤ ኦሮምኛም ሆነ ትግርኛ ወይም ሶማሊኛ ያው ነው። ቃሉ ከጸና በኋላ ሐሳቡን በእንግሊዝኛ የሚጠይቅ ካርድ መጨመር ይቻላል፤ ያን ጊዜ ካርዱ ቢወድቅ ምክንያቱ ይታወቃል።

ስለ ሥዕሉ ከተነሣ አይቀር፣ የመጽሐፍ የልብ ሥዕል ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ጠባይ አለው። የተሣለው የልቧ ባለቤት ከፊታችን ቆማ እንደምናያት ሆኖ ነው። ስለዚህ የልብ ቀኝ የሚገኘው በገጹ ግራ ነው። ይህን ያላስተዋለ ተማሪ ሰባቱንም የጉዞ ካርዶች በቃል ያልፋቸዋል፤ ሥዕል ሲቀርብለት ግን ሁሉንም ገልብጦ ይመልሳል። ይህች ትንሽ ነገር ለብቻዋ አንድ ካርድ ትገባታለች፦ «በመጽሐፍ ሥዕል ላይ የልብ ቀኝ ክፍል በገጹ በየትኛው በኩል ነው?»

ጉዞው ሰባት፣ ቫልቮቹ ከነሥራቸው ሦስት፣ ግድግዳው ሁለት፣ ደም ቅዳው ሁለት፣ ሥዕሉ አንድ፣ ሙሉ ዙሩ አንድ። ድምሩ አሥራ ስድስት ነው። አንድ የኤ4 ወረቀት ሦስት ጊዜ ታጥፎ ሲቆረጥ ስምንት ካርድ ስለሚወጣው፣ ያ አንቀጽ በሁለት ወረቀት ይጠናቀቃል፤ የእንግሊዝኛ ስሞቹ ከተጨመሩ በሦስት። ወረቀቱ ስስ ከሆነ የእስክሪፕቶው ቀለም ወደ ፊት እየዘለቀ መልሱን ስለሚያሳብቅ በእርሳስ መጻፍ ይሻላል።

አሥራ ስድስት ካርድ ከአንድ ካርድ ይልቅ ሥራ የሚያበዛ ሊመስል ይችላል። በእጅ ሲያዝ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ የያዘ ካርድ በጥቂት ሰከንድ ይመለሳል፤ አሥራ ስድስቱም ታክሲ በሚጠበቅበት ጊዜ ያልቃሉ። የዘጠኝ መስመሩ ካርድ ግን በአእምሮ ተዘርዝሮ፣ ከጀርባው ጋር ተነጻጽሮ፣ የጎደለው ተፈልጎ ነው የሚፈረድበት። ያንን ሰው በታክሲ ሰልፍ ላይ አያደርገውም፤ ቤትም ሲገባ ይተወዋል።

ካርዱ ንጹሕ መሆኑ የሚታወቅባቸው ምልክቶች አሉ። ከጀርባው ላይ «እና» ወይም «እንዲሁም» ካለ ምናልባት ሁለት ካርድ ነው። መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ከሆነ ተማሪው ሳያውቅ በግማሽ ዕድል ሊያልፈው ይችላል፤ «የግራው ይወፍራል ወይ?» ከማለት «የሚወፍረው የትኛው ነው? በምን ምክንያት?» ማለት ይሻላል ብሎ የሚያስብ ሰው ደግሞ እዚያው ሁለት ጥያቄ እንዳነሣ ልብ ይበል። ከመጽሐፉ ዓረፍተ ነገር አንድ ቃል አውጥቶ ባዶ ቦታ መተውም አታላይ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ተማሪው የሚያውቀው መልሱን ሳይሆን የዓረፍተ ነገሩን መልክ ይሆናል፤ መጀመሪያዎቹን ሦስት ቃላት ሲያይ ሳያነብ ይመልሳል። ጥያቄውን በራስ ቃል መጻፍ ይህን ያስቀራል።

ከሁሉ የሚሻለው ፈተና ግን ካርዱን ለሌላ ሰው መስጠት ነው። ተማሪዋ ያንኑ ምዕራፍ ለተማረ ታላቅ ወንድሟ «ቫልቭ ምንድን ነው?» የሚለውን ካርድ ብታነብለት፣ እርሱ «ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ በር ነዋ» ይላታል። ካርዷ ላይ የተጻፈው ግን «በላይኛና በታችኛ ክፍሎች መካከል የሚገኝ» ነው። ወንድሟ አልተሳሳተም፤ ጥያቄው ነው ሁለት በር የከፈተው። ዛሬ ምን ብላ እንደጻፈች ስለምታስታውስ ካርዱ ለእርሷ ግልጽ ነው። ከወር በኋላ ግን እርሷም ለራሷ እንደ ወንድሟ ትሆናለች። «ቫልቭ የሚከለክለው ምንን ነው?» ብላ ብታርመው መልሱ አንድ ብቻ ይሆናል።

ይህን ሁሉ አልፎም የማይገራ ካርድ ይኖራል። በዛሬ ጊዜ ብዙ ተማሪዎች በስልካቸው የሚጠቀሙበት አንኪ የተባለው ፕሮግራም አንድ ካርድ ከታወቀ በኋላ ስምንት ጊዜ ሲወድቅ ምልክት ያደርግበታል፤ ስሙንም አልቅት ይለዋል፣ ጊዜን ስለሚመጥ። በወረቀት ለሚያጠናም ያው ነው፤ ካርዱ ተመልሶ በመጣ ቁጥር ጠርዙ ላይ ነጥብ ማድረግ ይበቃል። ነጥቦቹ ሲበዙ ካርዱን ደጋግሞ ማንበብ አይጠቅምም። ወይ ሁለት ሐሳብ ይዟል፣ ወይ ከሌላ ካርድ ጋር ይምታታል፣ ወይ ነገሩ ከመጀመሪያውም አልገባም። ተቀዶ እንደገና መጻፍ አለበት። ካልገባ ደግሞ ወደ መጽሐፉ ወይም ወደ መምህሩ ተመልሶ መጠየቅ ነው እንጂ፣ ያልገባ ነገር በካርድ አይገባም።

ካርድ የማይደርስበትም አለ። አሥራ ስድስቱን ሁሉ የሚያልፍ ተማሪ «የደም ዝውውርን ግለጽ» ሲባል ቁርጥራጩን መደርደር ሊያቅተው ይችላል፤ ቀለበት በቀለበት ጠይቆ ሰንሰለቱን አንሥቶ ያልሞከረ ሰው ነውና። ለዚህ የሚሆነው ሌላ ሥራ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ካርዶቹን ዘግቶ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ልብን ሥሎ፣ ከቬና ካቫ እስከ አኦርታ ቀስቱን ሳያቋርጡ መጎተት። እርሳሱ የቆመበትን ቦታ የሚይዘው ካርድ የትኛው እንደሆነ ይታያል፤ ካርድ ከሌለው ይጻፍለታል።

ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ተማሪ ካለ ወይም ልጁን የሚያስጠና ወላጅ ካለ፣ መላውን መጽሐፍ በካርድ ለመበተን አይነሣ። ዛሬ ማታ ከተጻፉት ካርዶች ውስጥ ጀርባው በጣም የረዘመውን አንዱን ብቻ ይምረጥ፤ ወረቀት ሦስት ጊዜ አጥፎ ይቁረጥና ያን አንዱን ካርድ በስምንቱ ላይ ይበትነው። ነገ ጠዋት ሲጠይቅ የሚወድቀው የትኛው እንደሆነ በስሙ ያውቀዋል።